ልጅ በትምህርት ቤት ሲሸማቀቅ ደብዳቤው እንዴት ይጻፋል?

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ ቀጥታ ወደ መኝታው ይገባል። ማታ "ነገ አልሄድም፣ ሆዴን ያመኛል" ይላል። ደብተሩ ተቀዷል፤ ለምን እንደተቀደደ ሲጠየቅ "ወደቀብኝ" ነው መልሱ። ከቀናት በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ይወጣል። ልጆች እየጠበቁ ያሸማቅቁታል።

ይህን የሰማ ወላጅ ብዙ ጊዜ በዚያው ሌሊት ቁጭ ብሎ ይጽፋል። "ልጄ በትምህርት ቤታችሁ እየተሰቃየ ነው። መምህራኑ ምን እየሠሩ ነው? አስቸኳይ እርምጃ ይወሰድልኝ።" እያንዳንዱ ቃል ከልብ የወጣ ነው፤ እውነትም ነው። ግን ርዕሰ መምህሯ በማግስቱ ይህን አንብበው ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የክፍል ኃላፊውን ይጠራሉ። መምህሩ "እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም" ይላል፤ ምናልባትም በእርግጥ አላየም። ከዚያ "ጉዳዩን እንከታተላለን" የሚል መልስ ይመጣል፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

እኔም ለልጄ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍ ሁለት ገጽ ሞልቼ አንድም ቀን፣ አንድም ቦታ አልጠቀስኩም ነበር። ያገኘሁትም ያንኑ መልስ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ብዙም አልበለጠም፤ ሰው ከወንበሩ ያስነሳው ግን እሱ ነው። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

ተራ ጠብ ነው ወይስ ማሸማቀቅ?

ልጆች ይጣላሉ። ኳስ ላይ ይገፋፋሉ፤ ይሰዳደባሉ፤ ከሰዓት በኋላ አብረው ይጫወታሉ። "ቡሊ ማድረግ" እየተባለ የሚጠራው ነገር ከዚህ ይለያል። ስዊድን ተወልዶ ኖርዌይ ውስጥ የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳን ኦልዌስ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ጉዳይ ሲያጠና ሦስት መለያዎችን አስቀምጧል። እስከ ዛሬም ብዙ ትምህርት ቤቶች መመሪያቸውን ሲያወጡ የሚነሡት ከእነዚህ ነው። አንደኛ፣ ድርጊቱ ለመጉዳት ታስቦ የሚደረግ ነው። ሁለተኛ፣ ይደጋገማል። ሦስተኛ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የአቅም ልዩነት አለ።

አቅም ሲባል ጡንቻ ብቻ አይደለም። ሁለት ለአንድ መሆን አቅም ነው። በዕድሜ መብለጥ፣ በክፍሉ ተወዳጅ መሆን አቅም ነው። የሚንተባተብን ልጅ አፈ ቀላጤ የሆነ ልጅ ሲያስመስለው የአቅም ልዩነት አለ፤ የተጠቃው ልጅ ሊመልስበት የሚችልበት መንገድ የለውምና።

ይህ ለደብዳቤው ለምን ያስፈልጋል? ትምህርት ቤቱ የሚያየው ቁርጥራጩን ስለሆነ ነው። ሰኞ በእረፍት ሰዓት የሆነውን ተረኛው መምህር ያያል፤ ሐሙስ ደረጃ ላይ የሆነውን የስፖርት መምህሩ ያያል። ለእያንዳንዳቸው ነገሩ "የልጆች ነገር" ነው። አንድ ላይ የሚገጣጥመው ሰው የለም። ሁሉም በየቀኑ በአንድ ልጅ ላይ ሲያርፍ የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ወላጁ። የደብዳቤው ዋና ሥራ ቁርጥራጩን በአንድ ገጽ ላይ ማስቀመጥ ነው። ስለዚህ "ይህ ማሸማቀቅ ነው" ብሎ ከመከራከር ይልቅ አራት ቀን ከነቦታው መዘርዘር ይበልጣል። መደጋገሙን ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ልጁን ምን ብለን እንጠይቀው?

ሐኪም ጋ ስትሄዱ "በጣም ያመኛል" ብቻ ብትሉ ሐኪሙ አይበቃውም። መቼ ጀመረህ? የት ጋ? በቀን ስንቴ? ይላል። ከልጁ የምንፈልገውም ይኸው ነው። ነገር ግን ልጅ እንደ ተከሳሽ ከተጠየቀ ይዘጋል፤ ወይም ወላጁ መስማት የሚፈልገውን ይናገራል።

ጥያቄው መልሱን በውስጡ መያዝ የለበትም። "መታህ አይደል?" ሲባል ልጁ "አዎ" ይላል፤ ቢገፋውም፣ ቦርሳውን ቢቀማውም "አዎ" ይላል። "ምን ሆነ?" ብሎ ጀምሮ "ከዚያስ?" እያሉ መከተል ይሻላል። ልጁ ዝም ካለ ዝም ማለት። ለአንድ ምሽት አንድ ታሪክ ይበቃል።

ቀን አለማስታወሱ የተለመደ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ "ጥቅምት ሰባት" አይልም። "ስፖርት የነበረን ቀን" ይላል። የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙን አውጥታችሁ ስታዩ ስፖርት ሐሙስ ብቻ ከሆነ ቀኑ ተገኘ። የማይገኝ ከሆነም "በጥቅምት ሁለተኛው ሳምንት፣ ቀኑን አያስታውስም" ብሎ መጻፍ ይቻላል። በግምት የተጻፈ ቀን ግን ችግር ያመጣል። በዚያ ቀን ከሳሹም ተከሳሹም ትምህርት ቤት ካልነበሩ የቀረውም ዝርዝር አብሮ ይጠረጠራል።

የሰማችሁትን በዚያው ምሽት ጻፉት። ልጁ የተናገረውን ቃል እንዳለ አስፍሩ፤ አታሳምሩት። "ቦርሳዬን ገለበጡብኝ" ካለ "ንብረቱን አወደሙበት" አይባልም።

አንድ ድርጊት በደብዳቤው ላይ እንዴት ይሰፍራል?

ለማስረዳት ያህል አንድ ልጅ እናስብ። አሥር ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሲናገር ትንሽ ይንተባተባል። የእናቱ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦

"ሁለት ባለጌ ልጆች ሆን ብለው በየቀኑ ያሰቃዩታል፤ መምህሩም አይቶ እንዳላየ ያልፋል።"

በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አምስት ነገር አለ። "ባለጌ" ፍርድ ነው። "ሆን ብለው" ግምት ነው። "በየቀኑ" ምናልባት ማጋነን ነው። "ያሰቃዩታል" ምን እንዳደረጉ አይናገርም። "አይቶ እንዳላየ" ደግሞ በመምህሩ ላይ የቀረበ ክስ ነው። ርዕሰ መምህሯ መጀመሪያ የሚመልሱት ለየትኛው ይመስላችኋል? ለመጨረሻው ነው። መምህራቸውን መከላከል ይጀምራሉ፤ ልጁ ይረሳል።

ያው ነገር እንደገና ሲጻፍ፦

"ጥቅምት 13 ቀን ረቡዕ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ልጄ እንዲያነብ ተጠርቶ ቆሞ ሳለ ሁለቱ ተማሪዎች 'ተብታባ' ብለውታል። ሌሎችም እንደሳቁ ነግሮኛል። መምህሩ በዚያን ጊዜ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር።"

መምህሩ አልተከሰሱም። የት እንደነበሩ ብቻ ተነገረ። ሆኖም አንባቢው መምህሩ ለምን እንዳልሰሙ ያውቃል። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ነገርም አገኘ፦ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ረቡዕ፣ የሳቁት ልጆች።

አንድ ድርጊት ስትጽፉ አምስት ጥያቄ ይመለስ፦ መቼ፣ የት፣ ማን ምን አደረገ ወይም አለ፣ ማን አየ፣ እናንተስ እንዴት አወቃችሁ። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት የመጨረሻውን ነው፤ ለእኔ ደግሞ ትልቁ እሱ ነው። "ዓይኔ አይቷል"፣ "ልጄ በዚያው ማታ ነግሮኛል"፣ "የስፖርት መምህሩ ነግረውኛል" የሚሉት ሦስቱ እኩል ክብደት የላቸውም። ሳንለያቸው ስንጽፍ የሰማነውን እንዳየነው አድርገን እንናገራለን። አንዱ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ያየነውም አብሮ ይወድቃል። ምንጩን የለየ ደብዳቤ ግን ባየነው ነገር ላይ ጠንክሮ ይቆማል።

ስድብ ከሆነ ቃሉ ራሱ ይጻፍ፤ አስቀያሚም ቢሆን። "ጸያፍ ስድብ ሰደቡት" ሲባል አንባቢው የፈለገውን ያስባል። ነገሩ በስልክ መልእክት የመጣ ከሆነ ስክሪንሾት አንሱት፤ የላኪው ስምና ሰዓቱ አብሮ ይታይ። አትመልሱለት፤ ሳታስቀሩም አታጥፉት። ቁስል ወይም የተቀደደ ነገር ካለ በዚያው ቀን ፎቶ ይነሣ።

ጉዳቱም በዚሁ ዓይነት ይጻፋል። "ልጄ ተጎድቷል" ከማለት "ከጥቅምት 8 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀርቷል" ይሻላል። የቀረባቸው ቀናት በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አሉ። እንደገና ገልጠው ሲያዩ የእናንተን ቃል በራሳቸው ወረቀት ያገኙታል።

የኛ ልጅ ያጠፋውስ?

ይጻፍ። ይህን ስል ብዙ ወላጅ ፊቱን ያጠቁራል፤ ይገባኛል። ግን አንድ ጊዜ እዩት።

ጥቅምት 19 ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እናቱ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አንደኛው ልጅ መንገድ ዘጋበት፤ ሌላኛው አነጋገሩን እያስመሰለ "እ-እ-እማዬ መጣች" አለ። ልጁ በውኃ መያዣው ትከሻው ላይ መታው። እናቱ ሁሉንም አይታለች።

ይህን ከደብዳቤው ብታወጣው ምን ይሆናል? ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ልጆች ሲጠራ መጀመሪያ የሚናገሩት "እሱም በውኃ መያዣ መታኝ" ነው። ወላጆቻቸውም ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ። እናትየው እያወቀች ደብቃለች ማለት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የጻፈችው ሁሉ በጥርጣሬ ይነበባል። እሷው ራሷ አስቀድማ ከጻፈችው ግን ለእነሱ የሚቀር ካርድ የለም። በዚያ ላይ በደብዳቤው ከዚህ በፊት የተዘረዘሩትን ሦስት ቀናት ያነበበ ሰው የውኃ መያዣው ለምን እንደተነሣ ይረዳል።

ከትምህርት ቤቱ ምን እንጠይቅ?

"እርምጃ ይወሰድልኝ" የሚል ጥያቄ ምንም አድርገው "ወስደናል" ሊሉበት የሚችሉት ነው። ልጆቹን ጠርተው "ሁለተኛ እንዳይለምዳችሁ" ቢሏቸውም እርምጃ ነው። ጥሩ ጥያቄ ማለት ከሁለት ሳምንት በኋላ "ተደርጓል ወይስ አልተደረገም?" ሲባል በአንድ ቃል የሚመለስ ነው። ማን ያደርገዋል፣ የት፣ እስከ መቼ የሚለው በውስጡ አለ።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ከየት ይመጣል? ከዝርዝሩ ራሱ። የልጁን አራት ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ በእረፍት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ ቧንቧው ጋ ነው። አንዱ ደረጃ ላይ ነው። አንዱ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ መውጫ በር ላይ ነው። ከአራቱ ሦስቱ የሆኑት ልጆቹ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ በሚያልፉበት ወይም ማንም በማያያቸው ሰዓት ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው ምክር ብቻ አይደለም። በእነዚያ ደቂቃዎች እዚያ ቦታ የሚቆም ትልቅ ሰው ነው። ይህን እናትየው ዝርዝሩን ከመጻፏ በፊት አታውቀውም ነበር።

ከማትጠይቁት መካከል ደግሞ ሦስቱን ልጥቀስ። የመጀመሪያው "ልጆቹ ይባረሩልኝ" ነው። ቅጣቱን መወሰን የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ደብዳቤው ስለ መባረር ሲሆን ውይይቱም ስለ መባረር ብቻ ይሆናል፤ የእናንተ ልጅ ነገ በእረፍት ሰዓት የት እንደሚሆን ግን ማንም አይነጋገርም። ሌሎቹ ልጆች ምን እንደተቀጡም ላይነገራችሁ ይችላል፤ የእነሱም ጉዳይ ሚስጥር ነውና። "ልጄን ለመጠበቅ ምን ተደረገ?" ብሎ መጠየቅ ግን ሙሉ መብታችሁ ነው።

ሁለተኛው "አገናኝታችሁ አስታርቁልኝ" የሚለው ነው። ለተራ ጠብ እርቅ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም እኩል ናቸውና። እዚህ ግን አንደኛው ይፈራል። ሁለቱ ልጆች ፊት ለፊቱ ተቀምጠው "ምን አደረግንህ?" ሲሉት "ምንም" ይላል። ከዚያ "ራሱ ምንም አላደረጉኝም ብሏል" ተብሎ ይጻፋል። ልጆቹ ለየብቻ እንዲጠየቁ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ የሚመጣ ነው፦ "ልጁን ወደ ሌላ ሴክሽን እናዛውረው።" አንዳንዴ ልጁ ራሱ ይፈልገዋል፤ ያን ጊዜ ጥሩ ነው። ካልፈለገ ግን የተበደለው ወንበሩንና ጓደኞቹን ያጣል፤ የበደሉት ባሉበት ይቀራሉ። ይህን እንደማትፈልጉ በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል።

ደብዳቤው ተጽፎ ሲያልቅ ምን ይመስላል?

የእናቲቱ ደብዳቤ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። በእውነተኛው ላይ የልጆቹ ሙሉ ስም ይጻፋል፤ እዚህ በፊደል ተክቼዋለሁ።

> ጥቅምት 20 ቀን
>
> ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
> ግልባጭ፦ ለ4ኛ "ለ" ክፍል ኃላፊ መምህር
>
> ጉዳዩ፦ በልጄ ላይ የተደጋገመ ማሸማቀቅ ስለመድረሱና ጥበቃ እንዲደረግለት ስለመጠየቅ
>
> በ4ኛ "ለ" ክፍል የሚማረው ልጄ ከጥቅምት 4 እስከ ጥቅምት 19 ባለው ጊዜ በክፍሉ ተማሪዎች "ሀ" እና "መ" የሚከተሉት ደርሰውበታል።
>
> ጥቅምት 4 ቀን ሰኞ፣ በጠዋቱ እረፍት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው ቧንቧ አጠገብ፦ "ሀ" ቦርሳውን ነጥቆ በውስጡ ያለውን መሬት ላይ ደፍቶበታል። "መ" አጠገቡ ቆሞ ይስቅ ነበር። የሒሳብ ደብተሩ ተቀዷል። ልጄ ጥቅምት 9 ቀን ነግሮኛል። የደብተሩ ፎቶ ተያይዟል።
>
> ጥቅምት 7 ቀን ሐሙስ፣ ከስፖርት ሲመለሱ፣ ደረጃው ላይ፦ "መ" ከኋላ ገፍቶት ወድቋል፤ ጉልበቱ ተልጧል። ልጄ ጥቅምት 9 ቀን ነግሮኛል፤ ቁስሉን በዕለቱ አይቻለሁ። ቁስሉን ያጠቡለት የስፖርት መምህሩ መሆናቸውን ነግሮኛል።
>
> ጥቅምት 13 ቀን ረቡዕ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ለማንበብ ተጠርቶ ቆሞ ሳለ ሁለቱም "ተብታባ" ብለውታል፤ ሌሎች ተማሪዎች ስቀዋል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ልጄ በዚያው ማታ ነግሮኛል።
>
> ጥቅምት 19 ቀን ማክሰኞ፣ ሲወጡ፣ በሩ ላይ፦ "መ" መንገድ ሲዘጋበት "ሀ" አነጋገሩን እያስመሰለ አፊዞበታል። ልጄ "ሀ"ን በውኃ መያዣው ትከሻው ላይ መትቶታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄ መምታቱ ስህተት መሆኑን ነግሬዋለሁ።
>
> ልጄ ጥቅምት 8፣ 14 እና 15 ሆዴን አመመኝ ብሎ ከትምህርት ቀርቷል።
>
> ስለዚህ የሚከተሉት እንዲደረጉ እጠይቃለሁ።
>
> 1. ልጄና ሁለቱ ተማሪዎች ለየብቻ እንዲጠየቁ፤ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ።
> 2. በጠዋቱ እረፍት ቧንቧው አጠገብ፣ ከስፖርት ሲመለሱ ደረጃው ላይ፣ ሲወጡ በሩ ላይ ተረኛ መምህር እንዲቆም።
> 3. ልጄ ችግር ሲገጥመው በማንኛውም ሰዓት ሄዶ የሚነግረው አንድ መምህር በስም እንዲመደብለት።
> 4. ልጄ ከክፍሉ መቀየር ስለማይፈልግ ባለበት እንዲቆይ።
>
> እስከ ጥቅምት 27 ቀን ረቡዕ ምን እንደተወሰነ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ፣ ውጤቱንም ለማየት ኅዳር 10 ቀን ማክሰኞ እንድንገናኝ እጠይቃለሁ።
>
> ከማክበር ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

እዚህ ውስጥ "አዝኛለሁ"፣ "ተቆጥቻለሁ" የሚል የለም። እናትየው ስላልተቆጣች አይደለም። ቁጣዋን ፊት ለፊት ሲገናኙ ልትናገር ትችላለች። ይህ ወረቀት ግን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ርዕሰ መምህሯም፣ የክፍል ኃላፊውም ያዩታል፤ የሌሎቹ ልጆች ወላጆችም አንድ ቀን ሊያዩት ይችላሉ። ሁሉም ሲያነቡት የሚከራከሩበት ቅጽል ባያገኙ ይሻላል።

ለማን ይሰጣል? መልስ ቢዘገይስ?

ነገሩ ገና አንድ ሁለቴ የሆነ ከሆነ መጀመሪያ ለክፍል ኃላፊው መናገር ተገቢ ነው። ከተደጋገመ ግን ለርዕሰ መምህሩ ተጽፎ ለክፍል ኃላፊው ግልባጭ ይደረጋል። መምህሩ ከበላዩ ላይ ሆነው እንደከሰሱት እንዳይሰማው ግልባጩን ራሳችሁ ብትሰጡት ጥሩ ነው። ለሌሎቹ ልጆች ወላጆች ግን አትላኩ፤ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይም አታውጡት። የልጆች ስም አለበት።

በእጅ ከሆነ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርም። በኢሜይል ከሆነ የተላከበት ሰዓት ራሱ ይመሰክራል። ይህ ለክስ ዝግጅት አይደለም። ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ "አላወቅንም ነበር" ማለት ስለማይችል ነው።

ትምህርት ቤቱ በቃል ሊመልስ ይችላል። ተጠርታችሁ ትነጋገራላችሁ፤ ጥሩ ጥሩ ነገር ይባላል፤ ትጨባበጣላችሁ። በዚያው ቀን አጭር ማስታወሻ ላኩ፦ "ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ከሰኞ ጀምሮ ደረጃው ላይ ተረኛ እንደሚቆምና የልጄ ተጠሪ መምህር እንደሚመደብ ተረድቻለሁ። ያልተካተተ ነገር ካለ ያሳውቁኝ።" እንዲህ ሲሆን በአፍ የተባለው ወረቀት ላይ ያርፋል።

ቀኑ አልፎ ምንም ካልመጣ ሁለተኛው ደብዳቤ ሦስት መስመር ይበቃዋል። የመጀመሪያው የተሰጠበት ቀን፣ መልስ አለመምጣቱ፣ ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ድርጊት ካለ እሱ። የመጀመሪያው ኮፒ ይያያዝ። አሁንም ዝም ካሉ ሁለቱን አያይዞ ትምህርት ቤቱን ለሚቆጣጠረው አካል ወይም ለቦርዱ ማቅረብ ነው። እዚያ ያለው ሰው ልጁንም እናንተንም አያውቅም። የሚያየው ቀኖቹን ብቻ ነው።

ደብዳቤ መጻፊያ ጊዜ የሌለበት ሁኔታስ?

አለ። ልጁ ክፉኛ ከተጎዳ፣ በስለት ወይም በሌላ መሣሪያ ከተዛተበት፣ ሰውነቱን ያለ ፈቃዱ ከነኩት፣ ወይም "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ነገር ከተናገረ ዝርዝር አይጠበቅም። በዚያው ቀን መደወል፣ መሄድ፣ ሐኪም ማሳየት፣ እንደ ነገሩም ለፖሊስ ማመልከት ነው። የመጨረሻውን ቃል ከልጅ አፍ ከሰማችሁ "ለማስፈራራት ነው" ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተዉት። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይጻፋል።

ልጁ ስለ ደብዳቤው ማወቅ አለበት?

ብዙ ልጆች ለወላጅ ከመናገራቸው በፊት "ለማንም እንዳትናገሪ" ያስምላሉ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ልጆቹ ተጠርተው ሲመለሱ "አሳጪ" ብለው ይብሱን ይነሡበታል ብለው ነው። ስለዚህ ለልጁ ሳይነገረው ደብዳቤ መስጠት አይገባም። ልጁ ያልጠበቀው ቀን ቢሮ ይጠራል፤ ከዚያ ወዲህ ለእናቱም አይናገርም። "ማንም እንዳያውቅ አደርጋለሁ" ብሎ ቃል መግባትም አይሆንም፤ አይጠበቅምና። ማን እንደሚያነበው፣ ምን እንደተጠየቀ፣ ከዚያ በኋላ ቢነኩት ለማን እንደሚነግር ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው።

እናትየው ከመስጠቷ በፊት ማታ አጠገቡ ተቀምጣ አነበበችለት። በረቂቁ ላይ ጥቅምት 4 ቀን "ሁለቱም ቦርሳውን ነጥቀው ደፉበት" ይል ነበር። ልጁ አስቆማት። "'መ' እኮ አልነካም" አላት። "እሱ ይ-ይስቅ ነበር።" ብዕሩን አንሥታ ሰረዘችውና እሱ እንዳለው ጻፈችው።